ሌሊት የገባ በሽተኛና የመድን ድርጅቱ ሂሳብ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«1. ውል ከሌለው ሆስፒታል ከታከምክ መድን ድርጅቱ አንድ ብር አይከፍልህም። ሌሊትም ቢሆን መኪና ተከራይተህ ውል ወዳለው ሂድ።

2. ድንገተኛ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በመጨረሻው ውጤት ነው። ልብ ነው ብለህ ሄደህ ጨጓራ ከሆነ ከኪስህ ነው።

3. ድንገተኛ ነው ብለው ከተቀበሉ ግን ከሆስፒታል እስክትወጣ ያለው ሁሉ ይሸፈናል።

4. ዋናው ደረሰኝ ነው። ደረሰኝ ካለህ የከፈልከውን ሙሉውን ይመልሱልሃል።»

ጸሐፊው ለወገን አስበው እንደጻፉ አምናለሁ። ነገር ግን ጽሑፉ ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው፤ ሰውም እያመነው ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ነጥብ ገንዘብ ያስከፍላሉ። የመጀመሪያው ግን ሰው ሊገድል ይችላል። ዝም ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው። ለዓመታት የሠራሁት በመድን ድርጅት የካሳ ክፍል ነው፤ የህክምና ካሳ ጥያቄ ሲመጣ ፋይሉን ከሚያዩት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። አሁን ደብረ ማርቆስ ሆኜ ካሳቸው የተቆረጠባቸውን ሠራተኞች ወረቀት በማዘጋጀት አግዛለሁ።

አንድ ነገር ልለይ። የምናገረው መሥሪያ ቤት ለሠራተኛውና ለቤተሰቡ ስለሚገባው የቡድን የህክምና መድን ነው። ብዙው የጎጃም ገበሬ የያዘው የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካርድ ሌላ ነው። እሱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፣ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ድንገተኛ ሲሆን ደግሞ የሪፈር ተራ አይጠበቅም። ሁለቱን መቀላቀል አያስፈልግም።

ነገሩን በአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ላሳያችሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ቁጥሮቹን አጠጋግቻለሁ። ባልየው የአንድ የግል ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ፣ እነሱ የሚኖሩት ሉማሜ። ድርጅቱ የገባው መድን ውል ያላቸው ሆስፒታሎች ያሉት አዲስ አበባና ባሕር ዳር ነው። አንድ ቀን ወደ ማታ ሚስትየዋን እምብርቷ አካባቢ ያማት ጀመር። ከዚያ ሕመሙ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆዷ ወረደ፤ ታስመልሳለች፣ ትኩሳት አላት። መኪና ለምነው ደብረ ማርቆስ ከሚገኝ ውል የሌለው የግል ሆስፒታል ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ገቡ። ትርፍ አንጀት ነው ተባለ፤ በዚያው ሌሊት ተሠራላት። ከ7 ሌሊት በኋላ 72,000 ብር ከፍለው ወጡ።

ስለ መጀመሪያው ነጥብ

ይህ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የፖሊሲው መጀመሪያ ላይ «ህክምናው የሚሰጠው ውል ባላቸው ሆስፒታሎች ነው» የሚል አንቀጽ አለ። ሰው እዚያ ላይ አንብቦ ያቆማል። ጥቂት ገጽ ወረድ ሲባል ወይም ከጀርባ በተያያዘው ሠንጠረዥ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድንገተኛ ህክምናን የሚለይ አንቀጽ ይገኛል። እዚያ ላይ የሚለወጠው ነገር የአከፋፈሉ መንገድ ነው። ውል ያለው ሆስፒታል ስትሄዱ መታወቂያ ታሳያላችሁ፣ ሂሳቡን ሆስፒታሉ ከመድን ድርጅቱ ይጠይቃል። ውል የሌለው ሲሆን እናንተ ከፍላችሁ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ካሳ ትጠይቃላችሁ። «አይከፍልም» እና «ቀድመህ ትከፍላለህ» በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የካሳ ክፍሉ ፋይሉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚጠይቀው ሆስፒታሉ ዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይስ የለም ብሎ አይደለም። የለም፤ ይህ ታውቋል። የሚጠይቀው ይህች ሴት ውል ወዳለው ሆስፒታል ለመድረስ የሚፈጀውን ሰዓት ያለ አደጋ መጠበቅ ትችል ነበር ወይ ብሎ ነው። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም በደጀን ወርዶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ። ሌሊት፣ በዚህ ጊዜ፣ መንገዱ እንዴት እንደሆነ ለጎጃም ሰው አይነገረውም። የተቆጣ ትርፍ አንጀት ደግሞ ቢፈነዳ መግሉ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይበተናል። ይህን ሁሉ የካሳ ክፍሉ ገምጋሚ ያውቃል። የእኛ ሰዎች ጥያቄ በዚህ ነጥብ ላይ ያለ ክርክር ነው ያለፈው።

እዚህ ላይ ገምጋሚ የሚያነሳው አንድ ተገቢ ጥያቄ አለ። እዚያው ከተማ የመንግሥት ሆስፒታል እያለ ለምን ውድ ወደሆነው የግል ሄዱ? ብዙ ፖሊሲዎች «ህክምናውን ሊሰጥ የሚችለው ቅርብ ተቋም» ይላሉ። በዚህ ፋይል መልሱ ቀላል ነበር። መጀመሪያ የደረሱት መንግሥት ሆስፒታል ነው፤ ሌላ ቀዶ ጥገና እየተሠራ ስለነበር ጠብቁ ተባሉ። ያንን ያሳየው እዚያ የተቆረጠችው ካርድ ናት። ሰዓት ተጽፎባታል። ባልየው ሊጥላት ነበር። እንዲህ ያለች ወረቀት ኪሳችሁ ውስጥ ከገባች አትጣሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ማሳወቅ ነው። ይህ ከርቀቱ ይልቅ ብዙ ሰው ይጥላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ዛሬም ይሠራል፤ አደጋው መድረሱን ካወቃችሁ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማሳወቅ እንዳለባችሁ ይደነግጋል፤ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካልገጠመ በቀር። የእናንተ ፖሊሲ ደግሞ 24 ወይም 48 ሰዓት ሊል ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ጠዋት ደውሉ። ከደወላችሁ በኋላ ደግሞ አጭር መልእክት ላኩ፤ የስልክ ንግግር ፋይል ውስጥ አይገባም። ኔትወርክ ተቋርጦ ከሆነ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ጻፉና መሥሪያ ቤታችሁ ማኅተም ያድርግበት። የሉማሜው ሰው ጠዋት ላይ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሀብት ክፍል ደወለ፤ እነሱ በኢሜይል አሳወቁ። ያ ኢሜይል በኋላ ብዙ ጠቅሞታል።

ስለ ሁለተኛው ነጥብ

ይህ ስህተት ከመድን ድርጅቶች በኩልም ይመጣል፤ ልምድ የሌለው ገምጋሚ የመውጫ ወረቀቱን ብቻ አይቶ «ጨጓራ» ሲል ፋይሉን ይዘጋዋል። ግን ትክክለኛው አሠራር ይህ አይደለም። ድንገተኛነት የሚመዘነው ሰውየው ደጃፉ ላይ ሲደርስ በነበረው ምልክት ነው። ደረቱን ያመመው፣ ያላበው፣ ግራ እጁ የደነዘዘ የ50 ዓመት ሰው ቤቱ ሆኖ ልብ ይሁን ጨጓራ ሊያውቅ አይችልም። ሐኪሙም ቢሆን የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራና የደም ምርመራ ካላደረገ አያውቅም። ምርመራው ራሱ የድንገተኛ ህክምናው አካል ነው። አሜሪካኖች ይህንን በሕግ አስፍረውታል፤ መለኪያው ህክምና ያልተማረ አስተዋይ ሰው እንዲህ ያለ ምልክት ሲያይ ምን ያስባል የሚለው ነው። እኛ ጋ ግን የሚወስነው በያዛችሁት ፖሊሲ ላይ «ድንገተኛ» የተተረጎመበት መንገድ ነው። ትርጉሙን ፈልጋችሁ አንብቡት። «በድንገት የጀመረ ከባድ ምልክት» የሚል ከሆነ በመጨረሻው ውጤት ሊከለክሏችሁ አይገባም።

የሚያስቸግረው ማስረጃው ነው። የመውጫ ማጠቃለያ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሁለት መስመር ናት። በዚህ ቤተሰብ ፋይል ላይ «ትርፍ አንጀት፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ተሽሏት ወጥታለች» ትላለች። መቼ ገባች? እንዴት ሆና ገባች? የለም። ገምጋሚው የሚፈልገው ግን ይህንን ነው።

መልሱ ያለው ድንገተኛ ክፍል መጀመሪያ በሚሞላው ቅጽ ላይ ነው። ነርሷ በሩ ላይ ተቀብላ የምትሞላው አንድ ገጽ ነው፤ የገባችበት ሰዓት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ሙቀት፣ የሕመሙ መጠን። ጫፉ ላይ ቀለም አለ፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ። ቀይ ወዲያውኑ የሚታይ ነው፤ አረንጓዴ ሊጠብቅ የሚችል። የዚህች ሴት ቅጽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ10፣ የልብ ምት 118፣ ሙቀት 38.6፣ ከባድ ሕመም፣ ብርቱካናማ ይላል። ይህች አንዲት ገጽ ከሦስት ገጽ ደብዳቤ ትበልጣለች። የተጻፈችው ስለ ገንዘብ ማንም ባላሰበበት ሰዓት ስለሆነ ገምጋሚው ያምናታል። በኋላ ለመድን ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ግን ይጠረጠራል።

በሌላ በኩል፣ አረንጓዴ ቀለም ያለበትን ቅጽ ይዞ፣ ለ3 ሳምንት ሲያመው የቆየ ወገብ ሌሊት ስለታየለት ብቻ ድንገተኛ ነው የሚል ሰው አይሳካለትም። ሰዓቱ ሌሊት መሆኑ ነገሩን ድንገተኛ አያደርገውም።

ቅጹን ከሆስፒታሉ ከመውጣታችሁ በፊት ኮፒ አድርጉ። ከወጣችሁ በኋላ ካርድ ክፍል ሄዶ ማስወጣት ምን ያህል እንደሚያመላልስ ያየ ያውቀዋል።

ስለ ሦስተኛው ነጥብ

ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ለገምጋሚው ድንገተኛ ህክምና መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን ማብቂያም አለው። ማብቂያው ታካሚው የተረጋጋበት ሰዓት ነው። ማለትም መንገድ ቢሄድ ወይም ወደ ቤቱ ቢገባ አደጋ ላይ የማይወድቅበት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ያለው ቆይታ እንደ ተራ ህክምና ይታያል፤ ተራ ህክምና ደግሞ ውል ካለው ሆስፒታል መሆን ነበረበት። ስለዚህ ገምጋሚው ፋይሉን ሲያገላብጥ አንድ መስመር ያሰምራል። ከመስመሩ በላይ ይከፈላል፤ ከመስመሩ በታች ይቆረጣል።

መስመሩን የት ያሰምራል? ከሐኪሙ የየቀኑ ማስታወሻ ላይ። «መብላት ጀምራለች፣ ትኩሳት የላትም፣ እየተራመደች ነው» የሚል ማስታወሻ ካገኘ እዚያው ላይ ያሰምራል። ያልተወሳሰበ ትርፍ አንጀት ከሆነ ደግሞ ከ2 ወይም ከ3 ሌሊት በላይ ሲያይ «ለምን?» ይላል።

የዚህች ሴት ሂሳብ እንዲህ ነበር። ድንገተኛ ክፍል፣ ላቦራቶሪና አልትራሳውንድ 8,000 ብር። ቀዶ ጥገና፣ ማደንዘዣና መድኃኒት 45,000 ብር። አልጋ በቀን 2,000 ብር ሒሳብ ለ7 ሌሊት 14,000 ብር። በመጨረሻም «እግረ መንገዳችንን» ብለው ያሳዩት የቆየ እንቅርት ምርመራ 5,000 ብር።

ገምጋሚው በሦስተኛው ቀን ማስታወሻ ላይ «ተሽሏታል» የሚል አገኘና መስመሩን እዚያ አሰመረ። የ4 ሌሊት አልጋ፣ 8,000 ብር ወደቀ። የእንቅርቱ 5,000 ብር ወደቀ። እንቅርቱ መውደቁ ትክክል ነው፤ ለዓመታት የቆየ ነገር ሆስፒታል ውስጥ ስለተገኘ ብቻ ድንገተኛ አይሆንም። አልጋው ላይ ግን ገምጋሚው ተሳስቷል።

ፋይሉን ይዘን ስናገላብጥ የነርሶች የሙቀት መከታተያ ቻርት አገኘን። በአራተኛው ሌሊት ነጥቡ ዘሎ 38.7 ላይ ተቀምጧል። በማግስቱ ቁስሉ መመረዙ ተጽፏል፣ አንቲባዮቲኩም ተቀይሯል። በአምስተኛው ሌሊትም ትኩሳቱ አልወረደም። በስድስተኛው ቀን ወርዶ ጸና። ስለዚህ መስመሩ ከሦስተኛው ወደ አምስተኛው ሌሊት መውረድ ነበረበት። ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም አንድ አንቀጽ ጻፈልን፤ በእነዚያ 2 ሌሊቶች በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልጋት እንደነበርና ረጅም መንገድ መጓዝ እንደማትችል። የመድን ድርጅቱ ተቀበለ። ስድስተኛውና ሰባተኛው ሌሊት ግን የምንከራከርበት ነገር አልነበረንም። ቤተሰቡ የቆየው «ትንሽ ትጠንክር» ብሎ ነው። የእናት ልብ ነው፤ ሆኖም አይከፈልበትም።

ይህ ሁሉ እንዳይመጣ በሁለተኛው ቀን ሐኪሙን «ተረጋግታለች ወይ? ወደ ሌላ ሆስፒታል ብትሄድ ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁት። አይቻልም ካለ ምክንያቱን ካርዱ ላይ እንዲጽፈው ለምኑት። ይቻላል ካለ መድን ድርጅቱን ደውላችሁ ጠይቁ፤ ዝውውሩን ሊያመቻች ወይም እዚያው እንድትቀጥሉ የክፍያ ማረጋገጫ ደብዳቤ ሊልክ ይችላል። ለአንድ ተጨማሪ ሳምንት ይህ ደብዳቤ ካላችሁ ገምጋሚው መስመር የሚያሰምርበት ቦታ አይኖረውም።

ስለ አራተኛው ነጥብ

ደረሰኝ መክፈላችሁን ያረጋግጣል። ዋጋው ተገቢ መሆኑን ግን አያረጋግጥም። የመድን ድርጅቱ ከሆስፒታሎች ጋር ሲዋዋል ለእያንዳንዱ ሥራ ታሪፍ ይስማማል። ውል ከሌለው ሆስፒታል የመጣ ሂሳብ ሲያይ ያንኑ ታሪፍ ወይም በአካባቢው የተለመደውን ዋጋ አውጥቶ ያስተያያል። ፖሊሲው ላይ «ተገቢና የተለመደ ዋጋ» የሚል ሐረግ ካለ ለዚህ ነው የተቀመጠው። ለእነዚህ ሰዎች 45,000 ብር ያስከፈላቸውን ቀዶ ጥገና መድን ድርጅቱ ለውል ሆስፒታሎቹ የሚከፍለው 36,000 ብር ነው። 9,000 ብሩ ቀረ። ዝርዝር ሂሳቡን አይተን ልዩነቱን የሚያስረዳ ነገር ፈለግን፤ አላገኘንም። ሆስፒታሉን ግን ከመክፈላችሁ በፊት ዋጋ መጠየቅ ይቻላል፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሳይሆን በምትወጡበት ዕለት፣ ዝርዝሩን በእጃችሁ ይዛችሁ። «ጠቅላላ ህክምና» ተብሎ በአንድ መስመር የተጻፈ ደረሰኝ አትቀበሉ፤ ገምጋሚው ሊለየው የማይችለውን ነገር ጨርሶ ይጥለዋል።

የመጀመሪያው ውሳኔ እንዲህ ወጣ። ለድንገተኛ ክፍሉ 8,000፣ ለቀዶ ጥገናው 36,000፣ ለ3 ሌሊት አልጋ 6,000፤ ድምር 50,000 ብር። ከዚያ ላይ «ውል ከሌለው ሆስፒታል 80 በመቶ ብቻ ይከፈላል» በሚለው አንቀጽ ተቀንሶ 40,000 ብር ሆነ። ከ72,000 ብር 40,000 ሲመለስለት ባልየው ጽሑፉን አንብቦ ስለነበር «እሱንም ያገኘሁት በዕድል ነው» ብሎ ሊፈርም ነበር።

ፖሊሲውን ከመሥሪያ ቤቱ አስመጣን። የ80 በመቶው አንቀጽ የተጻፈው አንድ ሰው በራሱ ምርጫ ዝርዝሩ ውስጥ ወደሌለ ሆስፒታል ሲሄድ ነው። በሌላ ገጽ ላይ ድንገተኛ ህክምና ከዚህ ቅናሽ ውጭ መሆኑ ተጽፏል። ገምጋሚው ጉዳዩን ድንገተኛ ብሎ ተቀብሎ፣ ሒሳቡን ግን እንደ ምርጫ ነው የሠራው። እንዲህ ያለ ስህተት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ተንኮል አይመስለኝም፤ የሒሳብ ቅጹ ላይ «ውል የሌለው» የሚለው ሳጥን ምልክት ሲደረግበት 80 በመቶው ራሱ ይመጣል። የሚያነሳው ሰው ያስፈልገዋል።

አቤቱታው አንድ ገጽ ነበር። የአንቀጹ ቁጥር፣ የሙቀት ቻርቱ ኮፒ፣ የሐኪሙ አንቀጽ፣ ጠዋት የተላከው ኢሜይል። «ለገንዘብ ማስተላለፊያ» ተብሎ የተሰጠውን ቅጽ ባልየው አልፈረመም ነበር፤ እሱ ላይ «ሙሉ ካሳዬን ተቀብያለሁ» የሚል ቃል አለ። እንዲህ ያለ ቃል ካለ ከመፈረም በፊት አቤቱታው ይቅደም፤ ወይም ከፊርማው አጠገብ «ልዩነቱን ለመጠየቅ መብቴ እንደተጠበቀ» ብላችሁ ጻፉ። መቸኮልም አያስፈልግም። በዚያው የንግድ ሕግ ከመድን ውል የሚመጣ ጥያቄ በይርጋ የሚታገደው በ2 ዓመት ነው።

በመጨረሻ የተመለሰው 54,000 ብር ነው። ከኪሳቸው የቀረው 18,000 ብር፤ 9,000 የዋጋ ልዩነት፣ 4,000 የመጨረሻዎቹ 2 ሌሊቶች፣ 5,000 የእንቅርቱ። ባልየው ይህንን ዝርዝር ለመሥሪያ ቤቱ ላከ። የቡድን መድኑ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው፤ አሁን ሰው ሀብት ክፍሉ ለእድሳቱ ያቀረበው የመጀመሪያ ጥያቄ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቀዶ ጥገና የሚሠራ አንድ ሆስፒታል ዝርዝሩ ውስጥ እንዲገባ ነው።